ክቡራትና ክቡራን ከመባሉ በፊት

ተናጋሪው ሰላምታውን ጨርሶ ወደ ሆስፒታሉ ግንባታ ታሪክ መግባቱ ነበር። ከፊት ረድፍ አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣና በአራት የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት ፖዲየሙ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ተናጋሪው ወረቀቷን ገልጦ አነበበ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። «ይቅርታ፣ የዞናችን ዋና አስተዳዳሪም በመካከላችን ይገኛሉ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አስተዳዳሪው ከወንበራቸው ግማሽ ያህል ብድግ ብለው እጅ ነሱና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከስልካቸው አላነሱም።

ያን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለኃላፊዎች ንግግር ሳረቅ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰው በንግግሩ ይዘት ተቀይሞ አላየሁም። በሰላምታው ግን ብዙ ኩርፊያ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ቅሬታው የቅደም ተከተል ይመስለኝ ነበር፤ እገሌ ሦስተኛ መጠራት ሲገባው አምስተኛ ስለተጠራ የተከፋ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ እንዳየሁት ግን ሰው ዘግይቶ ቢጠራ ይችለዋል። የማይችለው እኩያው ተጠርቶ እሱ ሲዘለል ነው። ያን ቀን አስተዳዳሪውን ያስከፋቸው የጎረቤት ዞን አስተዳዳሪ በስም ተጠርተው እሳቸው በቁራጭ ወረቀት መታወሳቸው ነው። ሁለቱም «የተከበራችሁ የዞን አመራሮች» ተብለው በጅምላ ቢታለፉ ኖሮ ማንም ቅር አይለውም ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ መንግሥት ግብር ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው አጋፋሪ ነበር። ማዕረጉ ራሱ ደረጃውን ይናገራል። ራስ ከደጃዝማች ይበልጣል፣ ደጃዝማች ከፊታውራሪ ይበልጣል። ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኝና የግራ ጦር አዝማቾች ሲሆኑ፣ ቀኙ የክብር ወገን ስለሆነ ቀኛዝማች ከግራዝማች ይቀድማል። በደርግ ዘመን ሁሉም ሰው «ጓድ» ሲሆን ደረጃው የጠፋ መስሎ ነበር፤ ግን አልጠፋም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሹመቶች በራዲዮ ሲዘረዘሩ የፓርቲው ኃላፊነት ከአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት ቀድሞ ይነገር ነበር። ጆሮ የሰጠ ሰው ሥልጣኑ ከየት እንደሚመነጭ ከዝርዝሩ ብቻ ይረዳ ነበር።

ዛሬ አጋፋሪው የፕሮቶኮል ሹም ሆኗል። በወረዳና በዞን ደረጃ ግን ይህ ሹም ብዙ ጊዜ የለም፤ ሥራው በኮሙኒኬሽን ባለሙያው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ባለሙያው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው የክብር ተራና የሥልጣን ተራ አንድ አለመሆናቸውን ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ናቸው፤ የአስፈጻሚው ሥልጣን ያለው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች ምክር ቤት እጅ ነው። ሁለቱም ባሉበት መድረክ ሰላምታው በፕሬዚዳንቱ ይጀምራል። ውሳኔው የማን ነው ብሎ የሚያስብ ጀማሪ ይህን ይገለብጠዋል።

ከዚህ ተራ የሚያፈነግጥ አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱም ስብሰባ የሚመራ ሰው ሲኖር ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆኑ ለጥያቄ ምላሽ ሲሰጡ ንግግራቸውን የሚጀምሩት አፈ ጉባኤውን በመጥራት ነው። እዚያ ቤት ንግግር የሚደረገው ለሰብሳቢው ነውና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲናገሩ መጀመሪያ የጉባኤውን ፕሬዚዳንት፣ ቀጥለው ልዑካኑን ጠርተው በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። በአገራቸው ከእሳቸው በላይ የሚጠራ ሰው ያልነበረ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። በሰው ቤት ግን የቤቱን ሰብሳቢ አስቀደሙ። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት «ይህ ስብሰባ ነው ወይስ ሥነ ሥርዓት?» ብሎ ይጠይቅ። ስብሰባ ከሆነ ሰብሳቢው ይቀድማል፤ ምረቃ ወይም በዓል ከሆነ ደግሞ በመርሐ ግብሩ ላይ የክብር እንግዳ ተብሎ የተጻፈው ሰው።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ እንግባ። በአንድ የወረዳ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይመረቃል እንበል። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የሚያደርጉት የወረዳው አስተዳዳሪ ናቸው። ከአዲስ አበባ የጤና ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ በክብር እንግድነት መጥተዋል። ለሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያ የሰጠው አገር አምባሳደር አሉ። ከክልሉ የጤና ቢሮ ኃላፊዋ፣ ከዞኑ ዋና አስተዳዳሪው መጥተዋል። የሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ፣ የአካባቢው የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ተወካይ የሆኑ ሸይኽ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ በስደት ሆነው ገንዘብ ያዋጡ የአካባቢው ተወላጆች፣ የሥራ ተቋራጩና የከተማው ነዋሪም ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው ሰው አያከራክርም፤ የክብር እንግዳው ናቸው። ሁለተኛው ላይ ወረፋ አለ። አምባሳደሩ ከቢሮ ኃላፊዋ በፊት ወይስ በኋላ? እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና ስምምነት አምባሳደሮች እርስ በርሳቸው ማን እንደሚቀድም ይደነግጋል፤ ሥራውን በይፋ ቀድሞ የጀመረ ይቀድማል፤ የአገሩ ትልቅነት አይታይም። ይህ ደንብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1661 ለንደን ውስጥ የፈረንሳይና የስፔን አምባሳደሮች አጀቦች «የእኛ ሠረገላ ይቅደም» ተባብለው ተጋድለዋል። ሰውም ፈረስም ሞቷል። ስምምነቱ ግን አምባሳደር ከአስተናጋጁ አገር ባለሥልጣን ጋር ሲቆም ማን ይቅደም የሚለውን ለአስተናጋጁ ልማድ ትቶታል። በእኔ ፍርድ አምባሳደሩ እዚህ የአንድ አገር ርዕሰ ብሔር ወኪል ናቸው፤ በዚያ ላይ እንግዳ ናቸው። ከክብር እንግዳው ቀጥሎ አስቀምጣቸዋለሁ። አምባሳደሩ ሳይመጡ የኤምባሲው ሠራተኛ ቢመጣ ግን ያ ቦታ ለእሱ አይሰጥም፤ ተራው ወደ ታች ይወርዳል።

ከዚያ የመንግሥት መዋቅሩ ራሱ መንገድ ያሳያል። የቢሮ ኃላፊዋ የክልሉ ካቢኔ አባል ስለሆኑ ከዞኑ አስተዳዳሪ ይቀድማሉ። የከተማው ከንቲባስ? ከወረዳው አስተዳዳሪ ጋር የአስተናጋጁ ወገን ስለሆኑ በአስተናጋጁ አፍ እንደ እንግዳ አይጠሩም። ሚኒስትር ዴኤታው በተራቸው ሲናገሩ ግን አስተዳዳሪውንና ከንቲባውን አንድ ላይ ማንሳት አለባቸው። አንዱን አንስተው ሌላውን ቢተዉ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ትመጣለች።

ብዙ ጸሐፊ የሚጨነቀው በሃይማኖት አባቶች ላይ ነው። ሊቀ ጳጳሱን ከሚኒስትር ዴኤታው በኋላ መጥራት ድፍረት የሚመስለው አለ። ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀችው መድረክ እውነትም ድፍረት ነው፤ በዚያ ቤት የቤቱ አባት ይቀድማሉ። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርኩ ባሉበትም ሙሉ ማዕረጋቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘኢትዮጵያ፣ ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት እስከሚለው ድረስ ይነገራል። መንግሥት ባዘጋጀው መድረክ ግን ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ የአንድ ሃይማኖት አባት ከሌላው መርጦ ማስቀደምም አዲስ ቅሬታ ይወልዳል። እኔ የምከተለው መንገድ የሃይማኖት አባቶችን ከመንግሥት ኃላፊዎች ቀጥሎ በአንድ እርከን ላይ ማድረግ ነው። ብፁዕነታቸውንና ሸይኹን በየማዕረጋቸው ጠርቼ ሌሎቹን በጅምላ አክላለሁ። እነሱም በዚህ ብዙም አይከፉም። መድረኩ የሚከፈተው በእነሱና በአገር ሽማግሌዎቹ ምርቃት ስለሆነ የክብራቸውን ቦታ ከሁሉ በፊት ይዘውታል። ምርቃት በሌለበት መርሐ ግብር ግን ጉዳዩ ይለወጣል፤ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ መድረክ መሪው በመክፈቻው ላይ እንዲያነሳቸው አደርጋለሁ።

ሰላምታው ተሰካክቶ ይህን ይመስላል፦

«ክቡር የጤና ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታና የዕለቱ የክብር እንግዳችን፤ ክቡር አምባሳደር፤ ክብርት የክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፤ ክቡር የዞናችን ዋና አስተዳዳሪ፤ ብፁዕ አባታችን፣ የተከበሩ ሸይኽ፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፤ በየደረጃው የምትገኙ የሥራ ኃላፊዎች፤ ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፤ ክቡራትና ክቡራን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ!»

ተቋራጩ አልተጠራም። ለእሱ የሚገባው ሰላምታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ምስጋናው ደግሞ ከንግግሩ ማብቂያ በፊት ይመጣል። ሰላምታና ምስጋና ሲቀላቀሉ ነው ዝርዝሩ ሁለት ገጽ የሚሆነው። የሰዎቹ ስምም የለም፤ ሹመታቸው ብቻ ነው ያለው። ኃላፊው በዋዜማው ተቀይሮ ሌላ ሰው ቢመጣ ወረቀቱ አይበላሽም። የክብር እንግዳውን ስም መጨመር ያምራል፤ ከእሱ ወርዶ ግን አንዱን በስም፣ ሌላውን በሹመት ብቻ መጥራት ያው እኩያን የመዝለል ጥፋት ነው።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ልበል። «ክቡር» እና «ክብርት» ፆታን ይለያሉ፤ «ክቡራን» እና «ክቡራት»ም እንዲሁ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው «ክቡር ፕሬዚዳንት» የሚለው መክፈቻ «ክብርት ፕሬዚዳንት» መሆን ነበረበት። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ንግግር በአብዛኛው ካለፈው ዓመት ፋይል ተቀድቶ ስለሚጻፍ ቃሏ የምትጠፋው እዚያ ላይ ነው። ሴት ኃላፊን «ክቡር» ብሎ የጠራ ተናጋሪ አዳራሹ ሲያጉረመርም እንኳ ለምን እንደሆነ ወዲያው አይገባውም፤ ዓይኑ የተጻፈውን ያነባልና።

«ክቡር ዶክተር» የሚለው ሌላ ወጥመድ ነው። ሕዝቡ ይህን ጥምረት የለመደው በክብር ዶክትሬት ነው፤ ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ፣ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እያለ። ለዓመታት ተምሮ ዶክትሬቱን የሠራ ሚኒስትር በዚሁ አጠራር ሲጠራ፣ የክብር ዲግሪ የተሰጠው የሚመስለው አድማጭ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ክቡር» የሚለውን ከሹመቱ ጋር ማያያዝ፣ «ዶክተር» የሚለውን ከስሙ ጋር። «ክቡር ሚኒስትር፣ ዶክተር እገሌ» ሲባል ክብሩ የሹመቱ፣ ዶክትሬቱ የሰውየው መሆኑ ይለያል። «የተከበሩ» ደግሞ በተለይ የምክር ቤት ሰው መጠሪያ ሆኗል፤ ከዚያ ውጭ ለሽማግሌና ለሃይማኖት አባት ያምራል። ለሚኒስትር ግን «ክቡር» የተለመደው ነው።

ንግግሩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ችግር የወኪል ነው። ከሥነ ሥርዓቱ ሰባት ከተባለው እንግዳ ብዙ ጊዜ ሦስቱ ራሳቸው አይመጡም፤ ሰው ይልካሉ። ወኪል የላከውን ሰው ተራ ይይዛል ወይ? ርዕሰ ብሔርን ወክሎ የመጣ ሰው በርዕሰ ብሔሩ ቦታ ይቆማል፤ ይህ በአንዳንድ አገሮች ፕሮቶኮል የታወቀ ነው። ከዚያ በታች ግን ወኪል በራሱ ደረጃ ነው የሚጠራው። የቢሮ ኃላፊዋ የክፍል ባለሙያ ቢልኩ ባለሙያው ከዞኑ አስተዳዳሪ በፊት አይጠራም። «የክልላችን ጤና ቢሮ ተወካይ» ተብሎ ከአስተዳዳሪው በኋላ ይነሳል፤ «ክብርት የቢሮ ኃላፊ» የሚለውም ከወረቀቱ ይሰረዛል። ያልመጣን ሰው ሰላም ማለት በሰላምታ ውስጥ ካሉት ስህተቶች ሁሉ በጣም የሚያስቀው ነው። ባዶ ወንበር ሲጠራ አዳራሹ ዘወር ዘወር እያለ ይፈልገዋል።

ከሚያስቀው ሁሉ የሚብስ ግን አንድ አጋጥሞኛል። አንድ ኃላፊ ለምክትላቸው የተዘጋጀውን ንግግር ሳያነቡ ይዘው ወደ መድረክ ወጡ። ምክትሉ ሊናገሩ ታስቦ ስለነበር መክፈቻው ኃላፊውን በሹመታቸው ይጠራ ነበር። ኃላፊው ራሳቸውን «ክቡር» ብለው በከፍተኛ ድምፅ ሰላም አሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ። ተናጋሪ ሲለወጥ የሚወጣውም የሚገባውም ስም ይለወጣል። አዲሱ ተናጋሪ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ሊናገሩ የነበሩት ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ካሉ ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ። እኔ ያን ቀን የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም ረስቼ ነበር፤ ፊት ረድፍ የተቀመጡት ምክትል ሳይጠሩ ቀሩ።

ርዝመቱም የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ ቋንቋ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እስኪባል ድረስ የተጠራው ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከላይ ያለው ሰላምታ ረጋ ተብሎ ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ጆሮ ይችለዋል። ዝርዝሩ ሲበዛ ግን አድማጩ ሹመቱን መስማት ይተውና ማን እንደቀረ መቁጠር ይጀምራል። ሦስተኛውና አራተኛው ተናጋሪ ያንኑ ዝርዝር መድገም የለባቸውም። የክብር እንግዳውን ብቻ ጠርተው «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ቢሉ በቂ ነው። ይህ አባባል የሚያምረው ግን ከፊት የተናገረው ሰው ፕሮቶኮሉን በትክክል ጠብቆ ከሆነ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ አንድ ሰው ዘልሎ ከነበረ፣ ይህን የሚል ተከታይ ጥፋቱን አጽድቆለት ይሄዳል። እኔ የተከታዩ ተናጋሪ ጸሐፊ ብሆን የተዘለለውን ሰው ስም በእርሳስ አስገባለት ነበር።

እርሳስ ካልኩ አይቀር፣ ይህ ሥራ የደረሰብህ አንባቢ ሰላምታውን ከንግግሩ ለይተህ በአንድ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል አትመው፤ በየመስመሩ መካከልም ባዶ ቦታ ተው። በዕለቱ ከተናጋሪው ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ግባ። የግብዣውን ዝርዝር ሳይሆን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው እያየህ በእርሳስ ሰርዝ፣ በእርሳስ ጨምር። እንግዶች መግባታቸውን የሚያውቀው በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ጠይቀው። ሁለተኛው ጥያቄ ተናጋሪው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ይሁን፤ የእኔ ዋና አስተዳዳሪ በዚያ ቀን የገቡት በዚያች ደቂቃ ነበር።